የጉሊት ነጋዴዋ ደብዳቤ፦ ሽንኩርት ለምን እጥፍ ሆነ?

ጉሊት ላይ ዋጋ የሚጨምረው በአፍ ነው። «ስንት ነው ዛሬ?» «መቶ።» «ወይ ጉድ! ባለፈው ሃምሳ አልነበር እንዴ?» «ምን ላድርግ እናቴ፣ እኛም ጨምረን ነው ያመጣነው።» ገዢ አንድ ሁለቱን አገላብጦ ያያል፣ ያጉረመርማል፣ ግማሽ ኪሎ አስመዝኖ ይሄዳል።

አንድ ኪሎ ለሚገዛ ሰው ይህ መልስ ይበቃል። በየሳምንቱ 40 ኪሎ ለምትወስድ የምግብ ቤት ባለቤት ግን አይበቃም። እሷ ዋጋው መጨመሩን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደጨመረ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይና ነጋዴዋ በአጋጣሚው ከሚገባት በላይ እየጨመረችባት መሆን አለመሆኑን ማወቅ ትፈልጋለች። ካላወቀች በማግሥቱ ሌላ ጉሊት ትጠይቃለች። ነጋዴዋም የዓመታት ደንበኛዋን በአንድ ጠዋት ታጣለች።

እስቲ በአዲስ አበባ ጉሊት ላይ ቀይ ሽንኩርት የምትቸረችር ነጋዴ ለእንዲህ ያለችው ደንበኛዋ ብትጽፍ ደብዳቤው ምን ሊመስል እንደሚችል ክፍል በክፍል እንየው። ደብዳቤው ለአብነት የተዘጋጀ ነው፤ ብሮቹም ስሌቱን ለማሳየት የተመረጡ እንጂ የዕለቱ ገበያ ዋጋ አይደሉም።

ዋጋውና ቀኑ ይቅደም

«ይድረስ ለደንበኛዬ ለእትዬ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ ነው። እስከ ዛሬ ኪሎውን በ50 ብር ሳቀርብልዎ ቆይቻለሁ። ከጥቅምት 10 ቀን ጀምሮ ግን 100 ብር ይሆናል። ዕቃው ደጅዎ ደርሶ ከሚሰሙት አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል ብዬ ነው።»

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲጽፍ በኑሮ ውድነት ይጀምርና ዋጋውን መጨረሻ ላይ ይደብቀዋል። አንባቢዋ ግን ከሰላምታው ቀጥሎ የምትፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ስንት ሆነ? ከመቼ ጀምሮ? የድሮው ዋጋ ከአዲሱ ጎን መጻፉም የራሱ ጥቅም አለው፤ ነጋዴዋ የጭማሪውን መጠን ለማለባበስ እንዳልሞከረች ያሳያል። ቀኑ አስቀድሞ መነገሩ ደግሞ ለምግብ ቤቷ ባለቤት ጊዜ ይሰጣታል። በድሮው ዋጋ አንድ ዙር መግዛት ወይም የሳምንቱን ምግብ ማስተካከል ትችላለች።

ማሳው ላይ ምን ደረሰ?

«ምክንያቱ እንዲህ ነው። የእኔ ሽንኩርት የሚመጣው ከመቂ በኩል ነው። ዘንድሮ ሊነቀል በደረሰበት ሰሞን ዝናብ ያዘው። ብዙው ማሳ ላይ እንዳለ በሰበሰ፤ የተረፈውም በደንብ ሳይደርቅ ተጭኖ መጣ። ወደ ገበያ የሚገባው መኪና ቀንሷል። የሚገባውም ሽንኩርት እንደ ወትሮው አይቆይም፤ ሦስት ቀን ሳይሞላው ከጆንያው ውስጥ የሚጣል ይወጣል።»

«ምርት ጠፋ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነጋዴዋ ግን የት፣ መቼና በምን ምክንያት እንደጠፋ ተናግራለች። ለአዲስ አበባ ሽንኩርት ከሚያቀርቡት አካባቢዎች መካከል መቂ፣ ባቱና ቆቃ ይገኙበታል፤ ከሰሜን በኩል ደግሞ በጣና ዙሪያ ያለው ፎገራ አለ። በእነዚህ አካባቢዎች ዋናው የሽንኩርት ወቅት በጋው ነው፣ ገበሬው በመስኖ የሚያለማበት። በክረምት የሚመረተው ቁማር ይመስላል። ገበያ ላይ እጥረት ስላለ ከተሳካ ጥሩ ያወጣል፤ ነገር ግን እርጥበት በበዛበት ጊዜ ቅጠሉ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ጠባሳ የሚያወጣ የፈንገስ በሽታ ይበረታል። ቅጠሉ ያለ ጊዜው ሲደርቅ ራሱ ሽንኩርቱ ሳይወፍር ደቃቅ ሆኖ ይቀራል።

ከበሽታው ያመለጠው ሽንኩርትም ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ሽንኩርት ሲደርስ ቅጠሉ ጎንበስ ብሎ ይወድቃል። ያን ጊዜ ገበሬው ውሃ ያቆማል፣ ይነቅላል፣ ከዚያም አየር በሚያገኝበት ቦታ አስጥቶ ያደርቀዋል። በእነዚህ ቀናት የሽንኩርቱ አንገት፣ ማለትም ቅጠሉ ከራሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ደርቆ ይዘጋል፤ የውጭው ልጣጭም እንደ ወረቀት ይሆናል። በሚገባ የደረቀ ሽንኩርት አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ከተቀመጠ ወራት ይቆያል። ዝናብ በዚህ መሀል ከመጣ ግን አንገቱ ሳይዘጋ ይቀራል፤ ብስባሴም በዚያ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለውን ሽንኩርት ገበሬው ሊያቆየው አይችልም፤ በቶሎ ጭኖ መሸጥ አለበት። ጅምላ ነጋዴውም ሆነ የጉሊቷ ሴት ደብቀው ዋጋ ሊጠብቁበት አይችሉም፤ ሳምንት ቢያቆዩት ለእነሱም አይተርፋቸውም።

ይህን ማወቅ ለደንበኛዋ ይጠቅማታል። የዝናብ ጉዳት ሰበብ ብቻ ከሆነ በእጅ ይታወቃል። አንድ ሽንኩርት አንስታ አንገቱን በአውራ ጣቷ ትጫነው። ለስለስ ካለ፣ እርጥበት ካለው ወይም አንገቱ ወፍራምና ያልተዘጋ ከሆነ ነጋዴዋ የተናገረችው እውነት ነው። በልጣጩ ሥር እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ሻጋታም እርጥበት ያገኘው ሽንኩርት ምልክት ነው። ሽንኩርቱ ደረቅ ሆኖ ግን ከወትሮው ያነሰ ከሆነ ጉዳቱ ከበሽታ ወይም ከውሃ እጥረት ሊሆን ይችላል። ትልልቅ፣ እኩል መጠን ያለው፣ ልጣጩ የሚንኮሻኮሽ ሽንኩርት እየቀረበ ዋጋው እጥፍ ከሆነ ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱ መንገድ፣ ነዳጅ፣ ደላላ ወይም የበዓል ሰሞን ሊሆን ይችላል።

አንድ ሦስተኛ ቢጠፋ ዋጋው ለምን እጥፍ ይሆናል?

ገዢዎች ዘወትር የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ምርቱ ሁሉ አልጠፋ፤ ዋጋው ግን ለምን እንዲህ ዘለለ?» መልሱ ያለው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሽንኩርት ሲወደድ ሰው በእሱ ቦታ የሚጠቀምበት የለውም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጥብሱ ሁሉ በቁሌት ይጀምራል፤ ዶሮ ወጥማ ያለ ብዙ ሽንኩርት ዶሮ ወጥ አይባልም። ስለዚህ ቲማቲም ሲወደድ ሰላጣ የሚተው ሰው ሽንኩርት ሲወደድ ከቁሌቱ ጥቂት ቢቀንስ እንጂ አይተወውም።

በጅምላ ገበያው ደግሞ የሚሆነውን እናስብ። የአዲስ አበባ አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ፣ በኋላም ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለው ቦታ ሄዷል። እዚያ ሌሊት 100 ጆንያ ይገባ በነበረበት 70 ጆንያ ቢገባ፣ የሚፈልጉት ቸርቻሪዎች ግን አልቀነሱም። ሁሉም ባዶ እጁን እንዳይመለስ እየጨመረ ይጠራል። ዋጋው የሚቆመው አንዳንዱ «በዚህስ አልገዛም» ብሎ ሲወጣ ነው። ሽንኩርትን ለመተው ደግሞ ሰው ብዙ መገፋት አለበት። ዋጋው ምርቱ ከቀነሰው መጠን በላይ የሚዘለው ለዚህ ነው።

የተበላሸው ኪሎ የት ይገባል?

«ሂሳቤን ልንገርዎት። ቀድሞ አንድ ኩንታል በ4,000 ብር እገዛ ነበር። ለመኪናና ለጫኝ አውራጅ 200 ብር ይወጣል። ከመቶው ኪሎ 5 ኪሎ ያህል ይበላሽብኛል። የቀረውን 95 ኪሎ በ50 ብር ስሸጥ 4,750 ብር አገኛለሁ፤ 550 ብር ይተርፈኛል። አሁን ኩንታሉ 8,000 ብር ሆኗል። መኪናና ጫኝ አውራጁ 250 ብር። የሚበላሸው ደግሞ 15 ኪሎ ደርሷል። የሚሸጥልኝ 85 ኪሎ ብቻ ነው። አንዱ ኪሎ ለእኔ 97 ብር ገደማ ይወድቅብኛል። ለመንገደኛ በ103 ብር እሸጣለሁ፤ ለእርስዎ ግን 100 ብር አድርጌዋለሁ።»

የደብዳቤው ልብ ይህ ነው። ደንበኛዋ ብዙ ጊዜ የምታስበው «የጅምላው ዋጋ እጥፍ ከሆነ የእኔም እጥፍ ይሁን፤ ከዚያ በላይ ማትረፍ ነው» ብላ ነው። ሂሳቡ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ነጋዴዋ የምትከፍለው ለ100 ኪሎ ነው፤ የምትሸጠው ግን ያልበሰበሰውን ብቻ። የተጣለው ሽንኩርት ዋጋ በቀረው ላይ ይከፋፈላል። ቀድሞ የ5 ኪሎ ኪሳራ በ95 ኪሎ ላይ ይበተን ነበር፤ አሁን የ15 ኪሎ ኪሳራ በ85 ኪሎ ላይ ይጫናል፤ ያውም እያንዳንዱ የሚጣል ኪሎ በእጥፍ ዋጋ የተገዛ ነው።

ሁሉንም በ100 ብር ብትሸጥ ከኩንታሉ የሚተርፋት 250 ብር ነው። በ103 ብር ብትሸጥ እንኳ 505 ብር ታገኛለች፤ ከድሮው 550 ብር ያነሰ ነው። ስለዚህ ቸርቻሪዋ ዋጋዋን ከእጥፍ በላይ አድርጋ ትርፏ ሊቀንስ ይችላል። ለቋሚ ደንበኛዋ 100 ብር ያለችው ደግሞ ከራሷ ድርሻ ቆርጣ ነው። ቀድሞ ከ40 ኪሎው ላይ 230 ብር ገደማ ታገኝ ነበር፤ አሁን 120 ብር እንኳ አይሞላም።

ደንበኛዋ ይህን ሂሳብ ማመን ካቃታት ልትጠይቅ የሚገባት ዋናው ጥያቄ ስለ ጅምላው ዋጋ አይደለም፤ እሱ በስልክም ይታወቃል። «ከኩንታሉ ስንት ኪሎ ይጣላል?» ብላ ትጠይቅ። ብልሽቱን በትክክል የምታውቅ ነጋዴ ጆንያውን ከፍታ ታሳያለች። ብልሽቱን የምታጋንን ነጋዴ ካለችም የምትታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሽንኩርቱ ደረቅና ጤነኛ ሆኖ 15 ኪሎ ተጣለ ካለች ስሌቱ አይገጥምም።

ዱቤው ለምን ተነሳ?

«አንድ ነገር ልለምንዎት። እስከ ዛሬ ዕቃውን ወስደው በሳምንቱ መጨረሻ ይከፍሉኝ ነበር። አሁን ግን እጅ በእጅ ቢያደርጉልኝ። በእጄ የማንቀሳቅሰው 8,400 ብር ነው። በዚያ ሁለት ኩንታል እገዛ ነበር፤ ዛሬ አንድ ብቻ ያስገዛኛል። የእርስዎ ዕቃ ዋጋ 4,000 ብር ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ በዱቤ ከቆየ ለሌላ ደንበኛ የምገዛበት አይኖረኝም። የሚፈልጉትንም መጠን ከአንድ ቀን በፊት ቢነግሩኝ ያንኑ ያህል ብቻ አመጣለሁ፤ የሚበላሸውም ይቀንሳል።

ደግሞ ደቃቅ ሽንኩርት ለብቻው ረከስ ባለ ዋጋ አገኛለሁ። ቢፈልጉ ኪሎውን በ90 ብር አመጣልዎታለሁ።»

ዋጋ ሲጨምር ቸርቻሪ ላይ የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት ብዙ ጊዜ የማይታየው ነው። የጉሊት ነጋዴ ገንዘብ ዛሬ ገዝቶ ነገ ሸጦ በዚያው የሚሽከረከር ነው። ዕቃው እጥፍ ሲሆን ያው ገንዘብ ግማሹን ያህል ዕቃ ብቻ ያስገዛል። በሁለት ኩንታል 1,100 ብር ታገኝ የነበረች ነጋዴ አሁን በአንድ ኩንታል ቢበዛ 500 ብር አካባቢ ብቻ ይዛ ትገባለች። ቀድሞ የዚህች ደንበኛ ዱቤ 2,000 ብር፣ ማለትም ከገንዘቧ ሩብ ያህል ነበር፤ አሁን ግማሽ ሊደርስ ትንሽ ይቀረዋል። እጅ በእጅ ይከፈለኝ ማለቷ ደንበኛዋን ስላላመነቻት አይደለም፤ በ100 ብር መስጠት የምትችለውም ገንዘቧ ቶሎ ከተመለሰ ብቻ ነው።

የደቃቁን ሽንኩርት ግብዣ ደግሞ ደንበኛዋ መዝና ትቀበለው። ደቃቅ ሽንኩርት ከትልቁ ይልቅ በኪሎው ውስጥ ልጣጭና ሥሩ ይበዛል፤ ለመላጥም ጊዜ ይወስዳል። አንድ ኪሎ ትልቅና አንድ ኪሎ ደቃቅ አስልጣ የቀረውን ትመዝን። ልዩነቱ 10 በመቶ ከደረሰ የ10 ብሩ ቅናሽ ልጣጭ ሆኖ ተጥሏል ማለት ነው። ከዚያ በታች ከሆነና ላጪ ካላት ያዋጣታል።

መቼ ይወርዳል?

«ዋጋው መቼ እንደሚወርድ ቀን ቆርጬ ልነግርዎት አልችልም። ገበሬው የበጋውን ዘር መደብ ላይ እየዘራ ነው ብለውኛል፤ የሚደርሰው ከጥር በኋላ ነው። ኩንታሉ በቀነሰ ጊዜ የእርስዎንም ዋጋ በዚያው ሳምንት እቀንሳለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ደንበኛዎ።»

ይህ ክፍል ቃል የገባችው ልትፈጽመው በምትችለው ላይ ብቻ ስለሆነ ጥሩ ነው። «በሁለት ሳምንት ይስተካከላል» ማለት ቀላል ነበር፤ የሽንኩርት ዕድሜ ግን አይፈቅድም። ዘሩ መደብ ላይ ችግኝ ሆኖ ለመድረስ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይወስዳል። ከዚያ ወደ ማሳ ተዛውሮ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። በጥቅምት መጀመሪያ የተዘራ ዘር ገበያ የሚደርሰው ቢፈጥን የካቲት አካባቢ ነው ማለት ነው። በመሀሉ ከሌላ አካባቢ ወይም ከጎረቤት አገር ሽንኩርት ከገባ ዋጋው ቀደም ብሎ ሊረግብ ይችላል፤ ነጋዴዋ ግን እሱን ልታውቅ አትችልም።

ገበሬው የዛሬውን ውድ ዋጋ አይቶ ሁሉም ሽንኩርት ከተከለ ደግሞ በደረሰበት ወር ገበያው ይጥለቀለቃል፤ ኩንታሉ የጉልበቱን እንኳ የማያወጣበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚያማርረው ገበሬው ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ብዙው ይተወውና ዋጋው እንደገና ይወጣል። ደንበኛዋ ይህን ካወቀች ምርቱ ሲደርስ ዋጋው ከ50 ብርም በታች ሊወርድ እንደሚችል ታስባለች። የዛሬውን ዋጋ ለዘላለም እንደተተከለ ቆጥራ የምግብ ዝርዝሯን አትቀይርም።

ከአንድ ሳህን ላይ ስንት ብር?

ደብዳቤው የደረሳት ባለቤት መጨረሻ ላይ የምታሰላው የራሷን ነው። በሳምንት 40 ኪሎ የምትጠቀም ከሆነ ወጪዋ ከ2,000 ወደ 4,000 ብር ይወጣል። በቀን 100 ሳህን፣ በስድስት ቀን 600 ሳህን የምትሸጥ ከሆነ ሽንኩርቱ በአንድ ሳህን ላይ የጨመረው 3 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። ይህ ትንሽ አይደለም፤ ነገር ግን «ሽንኩርት ተወዷል» ተብሎ በአንድ ሳህን ላይ 20 ብር የሚያስጨምር ምክንያት አይደለም። ዘይቱ፣ በርበሬው ወይም ኪራዩ ጨምሮ ከሆነ ያ ሌላ ሂሳብ ነው፤ ለተመጋቢው ሲነገርም በሽንኩርት ስም መነገር የለበትም።

ከነጋዴዋ ደብዳቤ የምግብ ቤቷ ባለቤት ልትማር የሚገባትም ይህንኑ ነው። የድሮውን ዋጋ ከአዲሱ ጎን መጻፍ፣ ምክንያቱን በሚታይ ምልክት ማስረዳት፣ የሚጣለውን መደበቅ ሳይሆን መቁጠር፣ ከራስ ድርሻ የተቆረጠውን መናገር። የዚህች ነጋዴ ደብዳቤ ግን ሙሉ የሚሆነው ሁለተኛው ሲከተለው ነው። አዲሱ ምርት ገብቶ ኩንታሉ ሲቀንስ «ከዛሬ ጀምሮ ዋጋው ይህን ያህል ወርዷል» ብላ ካልጻፈች፣ የጥቅምቱ ማብራሪያ ሁሉ ሰበብ ሆኖ ይቀራል። ጭማሪን በጽሑፍ ያሳወቀ ነጋዴ ቅናሹንም በጽሑፍ ያሳውቅ።